አራቱ አዮዲን ሦስት የሚሆነው የት ነው?

የታይሮይድ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላት ሴት በየጠዋቱ የምትውጠው ክኒን ሌቮታይሮክሲን ይባላል። በክኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን ታይሮክሲን፣ በአጭር ስሙ ቲ4፣ ብቻ ነው። ደሟ ሲመረመር ግን ቲ3 የሚባል ሌላ ሆርሞንም ይገኝበታል። የልብ ምቷን፣ የሰውነቷን ሙቀት፣ የአንጀቷን እንቅስቃሴና የአእምሮዋን ንቃት በአብዛኛው የሚቆጣጠረውም ይኸው ያልዋጠችው ሆርሞን ነው። ዕጢው ከወጣ፣ ቲ3 ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ሳይንስ ራሱ ዘግይቶ ነው የመለሰው። ጃክ ግሮስና ሮዛሊንድ ፒት-ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ ቲ3ን አገኙ፤ ከቲ4 ይልቅ ብርቱ መሆኑንም አሳዩ። ሁለቱንም የሚያመነጨው ዕጢው ነው ተብሎ ብዙ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ብራቨርማን፣ ኢንግባርና ስተርሊንግ የሚሠራ ታይሮይድ የሌላቸው፣ ቲ4 ብቻ የሚወስዱ ሰዎችን መረመሩና በደማቸው ውስጥ ቲ3 አገኙ። እንግዲህ ሆርሞኑን የሚሠራው ሌላው የሰውነት ክፍል ነበር ማለት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ጤናማ ዕጢ በቀን ከ80 እስከ 100 ማይክሮግራም ገደማ ቲ4 ያመነጫል፤ ቲ3 ግን ከ5 እስከ 6 ማይክሮግራም ቢሆን ነው። ሰውነት በቀን የሚያገኘው ቲ3 በጠቅላላው ወደ 30 ማይክሮግራም ስለሚደርስ፣ ከአምስቱ እጅ አራቱ የሚሠራው ከዕጢው ውጭ ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቲ4 ሁለት ቀለበቶች ያሉት ሞለኪውል ነው፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ሁለት ሁለት አዮዲን ተቀምጧል። በውጭኛው ቀለበት ላይ ካሉት አንዱ ሲነሳ የሚቀረው ቲ3 ነው፤ ወደ ሕዋሱ ማዕከል ገብቶ ጂኖችን የሚያሠራው ብርቱው ሆርሞን። የተነሳው ከውስጠኛው ቀለበት ከሆነ ግን የሚወጣው ሪቨርስ ቲ3 ነው። እሱም ሦስት አዮዲን አለው፣ ክብደቱም እኩል ነው፤ ነገር ግን ጂኖቹን አያሠራም። ያው አንድ ጥሬ ዕቃ፣ አዮዲኑ በተነሳበት ቦታ ብቻ፣ ወይ ሥራ ይሆናል ወይ ይባክናል።

አዮዲኑን የሚያነሱት ዲአዮዲኔዝ የሚባሉ ሦስት ኢንዛይሞች ናቸው። ዲ1 በብዛት የሚገኘው በጉበት፣ በኩላሊትና በራሱ በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ነው። ዲ2 በአንጎል፣ በፒቱታሪ ዕጢና በጡንቻ ይገኛል፤ በሕዋሱ ማዕከል አጠገብ ስለሚቀመጥም የሠራው ቲ3 በቅርብ ይደርሳል። ዲ3 የሁለቱ ተቃራኒ ነው። ቲ4ን ወደ ሪቨርስ ቲ3 ይለውጣል፤ የተዘጋጀውን ቲ3ም አዮዲን ነቅሎ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ይህ ኢንዛይም በእንግዴ ልጅ፣ በጽንስ አካልና በአንጎል ውስጥ በርካታ ነው።

ቲ4ን በጎተራ እንደተከማቸ እህል፣ ቲ3ን ደግሞ እንደ ዱቄት ማየት ይቻላል። እህሉ ይቆያል፤ በደም ውስጥ ያለው ቲ4 በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ዱቄቱ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ቲ3 በአንድ ቀን አካባቢ በግማሽ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን ያህል እየፈጨ ይጠቀማል። አንድ ክኒን በቀን አንዴ ተውጦ የሚበቃው፣ አንድ ቀን ቢረሳም ሰውየው የማይወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን በአንዲት ሴት ላይ እንሥራው። ክብደቷ 60 ኪሎ ነው እንበል፤ ዕጢዋ ወጥቷል። የተለመደው መነሻ መጠን በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ስለሆነ 100 ማይክሮግራም ይታዘዝላታል። በባዶ ሆድ ከዋጠችው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከ70 እስከ 80 በመቶው ነው፤ 75 ማይክሮግራም እንያዝ። ከዚህ ውስጥ ሲሶው ወደ ቲ3 ይለወጣል፤ 25 ማይክሮግራም ነው፣ አንድ አዮዲን ስለተነሳለት ግን ክብደቱ ወደ 21 ይወርዳል። ጤናማ ዕጢ ያላት ሴት ከለውጥ የምታገኘው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በተጨማሪ ግን ዕጢዋ በቀጥታ የሚሰጣት 5 ወይም 6 ማይክሮግራም ቲ3 አላት። የእኛዋ ሴት ያጣችው ይህን ቁራሽ ነው። በተግባር ክፍተቱ የሚሞላው ቲ4ን ትንሽ ከፍ በማድረግ ስለሆነ፣ እንዲህ ባሉ ታካሚዎች የደም ምርመራ ላይ ቲ4 ከጤናማ ሰው ትንሽ ከፍ፣ ቲ3 ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ጣሊያን ካታኒያ ውስጥ ዕጢያቸው በወጣ ከ1,800 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ቲኤስኤቻቸው ልክ ከሆነው መካከል 15 በመቶ ገደማው ነፃ ቲ3ያቸው ከመደበኛው በታች እንደነበር አሳይቷል።

ቲኤስኤች ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ፣ ታይሮይድን «አመንጭ» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ሐኪሞች የክኒኑን መጠን የሚያስተካክሉት እሱን አይተው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ናቸው። ታዲያ ቲ3 ዝቅ ሲል ቲኤስኤች ለምን ከፍ ብሎ አይጮህም? መልሱ ዲ2 ራሱ በሚጠፋበት መንገድ ላይ ነው። ዲ2 ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚቆየው። ቲ4 ሲበዛለት ደግሞ «ይጣል» የሚል ምልክት ይለጠፍበትና ቶሎ ይፈርሳል። በጡንቻና በአብዛኛው አንጎል ውስጥ እንዲህ ነው፤ ቲ4 በጨመረ ቁጥር ወደ ቲ3 የመለወጥ ችሎታው ይቀንሳል። ቲኤስኤችን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው፣ ግን ዲ2 ለዚህ ምልክት ያን ያህል አይበገርም። የአንቶኒዮ ቢያንኮ ቡድን ይህን በአይጦች ላይ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትሟል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ክፍል ለራሱ በቂ ቲ3 ሠርቶ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሲያርፍ፣ ሌላው አካል ጥቂት ሊጎድልበት ይችላል። «ውጤትሽ ልክ ነው» እየተባለች ድካሙና ብርዱ ያልለቀቃት ሴት ሁሌ ከንቱ ቅሬታ ይዛ አትመጣም የምለው ለዚህ ነው።

ግን ወደ ኢንዛይሙ ከመሄዳችን በፊት የቡና ሰዓቷን መጠየቅ ይገባል። ሌቮታይሮክሲን ከቡና ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል፤ የብረትና የካልሲየም ክኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ማልዳ ክኒኑን ውጣ ወዲያው ቡናዋን የምትጠጣ ሴት ችግሯ የለውጥ ሳይሆን የመግባት ነው። ሁለቱ በምርመራው ወረቀት ላይ ይለያሉ። ክኒኑ በደንብ ካልገባ ቲ4 ይወርዳል፣ ቲኤስኤች ይወጣል። ለውጡ ከሆነ የደከመው ቲ4 ልክ ነው ወይም ከፍ ይላል፣ ዝቅ የሚለው ቲ3 ነው። ክኒኑን በውኃ ብቻ ወስዶ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ ብረትና ካልሲየምን ደግሞ በአራት ሰዓት ማራቅ፣ ከዚያ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና መመርመር ብዙ እንቆቅልሽ ይፈታል።

ቲ3ን ራሱን በክኒን መስጠት የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ክኒኑም አለ፣ ሊዮታይሮኒን ይባላል። ችግሩ ከተዋጠ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በደም ውስጥ ወደ ላይ ይዘልና ቶሎ ይወርዳል፤ ልባቸው በኃይል ሲመታና ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ሁለቱ ሆርሞኖች አብረው ሲሰጡ የታካሚዎቹ ስሜት ተሻሻለ ብሎ ብዙ ተስፋ ቢያሳድርም፣ ከዚያ በኋላ የተካሄዱት አብዛኞቹ ጥናቶች ከቲ4 ብቻ የተሻለ ጥቅም አላገኙም። አንዳንድ ሰዎች በዘር ባገኙት የዲ2 ጂን ልዩነት የተነሳ ይጠቀሙ ይሆን የሚለው አሁንም እየተጠና ነው። ሌሎች ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ ሐኪም እየተከታተለ፣ ለተወሰነ ጊዜ መሞከሩን የማልቃወመው ለዚህ ነው።

እርጉዝ ሴት ላይ ግን አቋሜ ሌላ ነው። የጽንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚፈልገውን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ የሚወስደውም በአብዛኛው ቲ4ን ሆኖ፣ በራሱ ዲ2 ቲ3 ያደርገዋል። በእናቲቱ ደም ያለው ቲ3 ለአንጎሉ በቀላሉ አይደርስም፤ እንግዴ ልጁም በዲ3 እያጠፋ ያጣራል። የእናቲቱ ደም በክኒን ቲ3 ተሞልቶ ቲ4 ቢያንስ፣ ቲኤስኤቿ ያማረ ሆኖ ጽንሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና ወቅት የሚመከረው ቲ4 ብቻ ነው፤ እርግዝናው እንደታወቀም መጠኑ ብዙ ጊዜ በሩብ ያህል መጨመር ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥቂት ጉድለት ነው። ለውጡ በግልጽ የሚወርድበት በጣም የተለመደው ምክንያት ግን የኢንዛይም በሽታ አይደለም፤ ሌላ ሕመም ወይም ረሃብ ነው። በከባድ የሳንባ ምች ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲመረመር ቲ3 ዝቅ፣ ሪቨርስ ቲ3 ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ቲኤስኤች ልክ ነው ወይም ትንሽ ይወርዳል። ምግብ ሙሉ በሙሉ ያቆመ ጤናማ ሰውም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። ሰውነት የሚያቃጥለውን ለመቆጠብ ፍሬን ይይዛል፤ በጠና በታመመ ሰው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማይታየው ዲ3 ይነሳል። ይህን ውጤት ያየ ሐኪም ታይሮይድ ታመመ ብሎ ቢቸኩል ይሳሳታል፤ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ቲ3 መስጠት ሕይወት እንደሚያተርፍ አልተረጋገጠም። የሚሻለው ዋናውን ሕመም አክሞ፣ ሰውየው ካገገመ ከሳምንታት በኋላ ደሙን ደግሞ ማየት ነው። መድኃኒቶችም ለውጡን ይይዙታል፦ ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው አሚዮዳሮን አንዱ ነው። ፕሮፒልታዮዩራሲል የተባለው መድኃኒት ደግሞ ዲ1ን ስለሚያግድ፣ ሆርሞኑ ከልክ ባለፈበት አስጊ ሁኔታ ሐኪሞች ሆን ብለው ይጠቀሙበታል።

ኢንዛይሙ በዘር የተበላሸበት ሁኔታ ግን ይኖር ይሆን? አለ፣ እጅግ ብርቅ ቢሆንም። ሦስቱም ዲአዮዲኔዞች በሚሠሩበት ቦታ ላይ ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን የያዘ ልዩ የፕሮቲን ቁራጭ አላቸው። ሕዋስ ይህን ቁራጭ በትክክለኛው ቦታ ለማስገባት ረዳት ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 አሌክሳንድራ ዱሚትሬስኩ፣ ሳሙኤል ሬፌቶፍና ባልደረቦቻቸው የአንድ ሳዑዲ ዐረቢያዊ የቤዱዊን ቤተሰብ ልጆች ይህ ረዳት ጂን ተበላሽቶባቸው እንዳገኙ አሳተሙ። ልጆቹ ቁመታቸው አጥሯል። ደማቸው ላይ ቲ4 ከፍ፣ ቲ3 ዝቅ፣ ሪቨርስ ቲ3 ከፍ፣ ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። በሆስፒታል ከተኛው ሰው የሚለያቸው፣ ልጆቹ ሌላ ሕመም ሳይኖርባቸው ቲ4ና ቲኤስኤች አብረው መውጣታቸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ጥፋቱ በለውጡ ላይ መሆኑን ያረጋገጡበት መንገድ ያምራል። ለታመሙትና ለጤነኞቹ ወንድምና እህቶቻቸው ሆርሞን ሰጡ። ቲ4 ሲሰጥ፣ የታመሙትን ልጆች ቲኤስኤች ለማውረድ ከጤነኞቹ የበለጠ መጠን አስፈለገ። ቲ3 ሲሰጥ ግን ሁሉም እኩል መለሱ። የተዘጋጀውን ሆርሞን ሕዋሳቸው ይሰማዋል፤ ማዘጋጀት ነው ያቃታቸው። ሴሊኒየም መጨመር እንዲህ ያለውን ጉድለት አያስተካክለውም፤ ማዕድኑ እያለ ወደ ፕሮቲኑ የሚያስገባው መንገድ ነው የተሰበረው።

ማዕድኑ ራሱ ሲጎድልስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ታሪክ አለ። በዛየር፣ በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ሰሜናዊ ክፍል፣ አዮዲንም ሴሊኒየምም በሚጎድልበት አካባቢ፣ እንቅርት የተለመደ ነበር፤ በታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ዕድገታቸውና አእምሯቸው የተጎዳ ሰዎችም ብዙ ነበሩ። ኮንትምፕሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ለትምህርት ቤት ልጆችና ለእነዚህ ተጎጂዎች በቀን 50 ማይክሮግራም ሴሊኒየም ለሁለት ወር ሰጡ። ኢንዛይሙ ማዕድኑን ካገኘ ለውጡ ይሻሻላል፣ ሰዎቹም ይጠቀማሉ ብሎ መገመት ይቻል ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በተማሪዎቹ ደም ውስጥ ቲ4 በሲሶ ያህል ወረደ። ዕጢያቸው ቀድሞ በተጎዳባቸው ሰዎች ደግሞ የነበረችው ጥቂት ቲ4 ይበልጥ አሽቆለቆለች፣ ቲኤስኤች ወጣ።

ምክንያቱ ዲ1 ሴሊኒየም አግኝቶ ሲነቃ የነበረውን ትንሽ ቲ4 ቶሎ ቶሎ መለወጥና ማፍረስ መጀመሩ ነው። ዕጢው አዮዲን ስለሌለው የወጣውን አይተካም። የሴሊኒየሙ እጥረት ሳይታወቅ ቲ4ን ይቆጥብ ነበር፤ አንጎልም ከዚያው ቲ4 ለራሱ በዲ2 ይሠራ ነበር። ቁጠባው ሲነሳ ጉድለቱ ተጋለጠ። ተመራማሪዎቹ ያስጠነቀቁት አዮዲን ሳይሰጥ ሴሊኒየም ብቻ መስጠት አደጋ እንዳለው ነው።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካል። የኢትዮጵያ ደጋዎች እንቅርትን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያዝ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የኢትዮጵያና የማላዊ እህሎች የሴሊኒየም ይዘት እንደ አፈሩ ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። አንዱ ገበሬ የሚያመርተው ጤፍ በቂ ማዕድን ሲይዝ የሌላው ላይይዝ ይችላል። የራሱን ማሳ ምርት ብቻ የሚበላ ቤተሰብ ከአፈሩ የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ከተማ ውስጥ ከብዙ አገር የመጣ እህል፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ሥጋ የሚያገኝ ሰው ግን ይህ ብዙም አያሰጋውም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ሴሊኒየም ወደ 55 ማይክሮግራም ነው፤ ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩት ክኒኖች ብዙ ጊዜ አንዷ ብቻ 200 ትይዛለች። በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። «ለታይሮይድ ጥሩ ነው» ተብሎ ይህ ክኒን የተሰጠው፣ በገጠር የሚኖርና አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበት ዘመድ ካለ፣ ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት ቲኤስኤችና ቲ4ን መመርመር፣ ቤቱ የሚጠቀምበት ጨው አዮዲን ያለው መሆኑንም ማረጋገጥ አለበት።